አዞ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ እንቁራሪት ግን አትችልም

ጥያቄ፦ «9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ጫሞ ሐይቅ ወስጃቸው አንዲት ልጅ ‹አዞም እንቁራሪትም ጉማሬም ውኃም የብስም ላይ ይኖራሉ፤ ለምንድን ነው ሦስት ቦታ የተመደቡት?› አለችኝ። ቆዳ፣ አተነፋፈስ፣ የሰውነት ሙቀት እያልኩ ሠንጠረዥ ሠራሁላት። ‹ልዩነቱን አየሁት፤ ምክንያቱስ?› አለች። ምን ብዬ ላስረዳት?»

መልስ፦

መምህር፣ ሠንጠረዡ ስሕተት የለበትም። የጎደለው ዓምዶቹን የሚያያይዘው ነገር ነው። ቆዳ፣ አተነፋፈስና ሙቀት ለየብቻ የሚሸመደዱ ነጥቦች ሳይሆኑ አንዱ ሌላውን የሚጎትት ሰንሰለት ናቸው፤ ሰንሰለቱም የሚጀምረው ከቆዳ ነው። ቆዳው ውኃ የሚያሳልፍ እንስሳ በቆዳው መተንፈስ ይችላል፣ ግን ይደርቃል። ቆዳው የተደፈነ እንስሳ አይደርቅም፣ ግን የመተንፈሱ ሥራ በሙሉ ሳንባው ላይ ይወድቃል። ሰውነቱን ቀንና ሌሊት ከውስጥ የሚያሞቅ እንስሳ ደግሞ ብዙ ኦክሲጅን ስለሚፈጅ፣ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ጠንካራ ሳንባ ያስፈልገዋል። መኖሪያ ቦታው መደቡን አይወስንም። ሐይቅ ዳር ያዩዋቸው ሦስቱም እንስሳት ወደ ውኃው የሚገቡበት ምክንያት የተለያየ ነው፤ ምክንያቱን የሚነግረን ቆዳቸው ነው።

ከእንቁራሪቷ እንጀምር። በእርጥብ እጅ ይዘው ሆዷን ቢያዩት ከስስ ቆዳዋ ሥር ቀጫጭን የደም ሥሮች መረብ ሠርተው ይታያሉ። የእኛ ቆዳ ከላዩ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ የሞቱ ህዋሳት ንብብሮች አሉት፤ የእንቁራሪቷ ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ደሟ ከውጩ አየር የሚለየው በጥቂት ህዋሳት ውፍረት ነው ማለት ነው። በቆዳዋ ውስጥ የተበተኑ ዕጢዎች ዝልግልግ ፈሳሽ እያመነጩ ላዩን ያርሱታል፤ ከእነሱ ጋር መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ዕጢዎችም አሉ። እርጥበቱ ለጌጥ አይደለም፤ ኦክሲጅን ወደ ህዋስ የሚገባው በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ስለሆነ፣ የደረቀ ቆዳ አይተነፍስም።

በዚህ ቆዳ ውኃ ይገባል፣ ይወጣልም። እንቁራሪት በአፏ ውኃ አትጠጣም። ከሆዷ በታች፣ በኋላ እግሮቿ መካከል ያለው ቆዳ በተለይ በደም ሥር የበለፀገ ነው፤ እርጥብ አፈር ላይ ሆዷን ለጥፋ ስትቀመጥ በዚያ በኩል ትጠጣለች። ደረቅ ነፋስ ባለበት ፀሐይ ላይ ብትቀመጥ ግን ውኃው ከላይዋ የሚተነው ከሞላ ጎደል ከተከፈተ ገበቴ እንደሚተነው ነው። ብዙ ዝርያዎች ከክብደታቸው ሢሶ ያህሉን ውኃ ካጡ ይሞታሉ። እንቁራሪቷ ቀን ተደብቃ ሌሊት የምትወጣው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አዞ ጋ ስንመጣ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ መጻሕፍትም ያግዟቸዋል። «ገበሎ አስተኔዎች ቅርፊት ስላላቸው አይደርቁም» ይባላል። ቅርፊቱ ግን ውኃ የሚያግደው ዋናው ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች ቅርፊት ሳይኖረው የተወለደ እባብ አግኝተው በቆዳው የሚያጣውን ውኃ ለክተዋል፤ ያጣው ቅርፊት ካለው ወገኑ ያልተለየ መጠን ነበር። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከእባብ ቆዳ ውስጥ ቅባቱን በኬሚካል አጥበው ሲያወጡት ቅርፊቱ እንዳለ ሆኖ ውኃ በብዛት ማሳለፍ ጀመረ። ውኃ የሚያግደው በኬራቲን ንብብሮች መካከል ተቀብቶ ያለው ስስ ቅባት ነው። ቅርፊቱ ከመቧጠጥ፣ ከንክሻና ከጨረር ይከላከላል። እንግዲህ ልጅቷ «እንቁራሪት ቅርፊት ብታበቅል አትደርቅም ነበር?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ አይደለም ነው፤ የሚያስፈልጋት ቅባቱ ነው፤ ቅባቱን ካገኘች ደግሞ በቆዳዋ መተንፈሷ ያበቃል።

የአዞ ጀርባ ላይ ጉብ ጉብ ያሉት ክፍሎች ከሥራቸው የአጥንት ሰሌዳ አላቸው። አጥንቱ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው የሞቀውን ደም ወደ ሰውነት ውስጥ ይልካል። የሆዱ ቆዳ ግን ልስልስና ሜዳ ነው፤ ለቦርሳና ለጫማ የሚፈለገውም እሱ ነው። አዞ ላብ የለውም። ቆዳው ላይ ከአገጩ ሥርና ከጅራቱ መነሻ አካባቢ ካሉ ጥቂት የጠረን ዕጢዎች በስተቀር ዕጢ አታገኙም።

ጉማሬ ደግሞ አጥቢ ስለሆነ ፀጉርና ላብ ትጠብቃላችሁ። ሁለቱም የሉትም ማለት ይቻላል። አፉና ጅራቱ ላይ ጥቂት ጭገር አለው፣ የላብ ዕጢም የለውም። ቆዳው በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሴንቲሜትር ይወፍራል፤ ሆኖም ውፍረቱ ያለው ከታች በሚገኘው ጠንካራ ንብብር ነው። የላይኛው ሽፋን ስስ ነው፤ የሚያሳልፈው ውኃም ከሌሎች አጥቢዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። ሰዎች «ደም ያልበዋል» የሚሉት ቀይ ፈሳሽ ከቆዳው ሥር ካሉ ልዩ ዕጢዎች ይወጣል፤ ሲወጣ ቀለም የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል፣ ቆይቶ ይጠቁራል። በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓን ኬሚስቶች ቀለሙን ለይተው ሁለት አሲዶች አገኙበት፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ብርቱካንማ። የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይመጥጣሉ፣ ቀዩ ደግሞ የባክቴሪያ እድገትን ያግዳል። ወንዶቹ በጥርስ ተቧጭቀው ቁስላቸውን ይዘው ቆሻሻ ውኃ ውስጥ እየዋሉም ብዙ ጊዜ የማያመረቅዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ አተነፋፈስ እንለፍ፤ ለክፍልዎ የሚጠቅመው ትዕይንት ያለው እዚህ ነው። ኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ የሚገባበት አካባቢ፣ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ቦታ፣ አዞዎች አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ለረዥም ጊዜ ሲጋደሙ ታያላችሁ። እንቁራሪት አፏ ተከፍቶ ቢያዝ ግን ሳንባዋን መሙላት አትችልም። የሁለቱን መደብ ልዩነት ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ነገር አላውቅም።

እንቁራሪት ደረቷን የሚያሰፋ ጎድን የላትም፣ ድያፍራምም የላትም። አየር የምታስገባው አንጥረኛ ወናፍ እንደሚገፋው በመግፋት ነው። በመጀመሪያ የአፏን ወለል ዝቅ ታደርጋለች፤ አየር በአፍንጫዋ ገብቶ አፏን ይሞላል። ቀጥሎ በሳንባ ውስጥ የነበረው አሮጌ አየር ይወጣል። ከዚያ አፍንጫዋን ትዘጋና የአፏን ወለል ወደ ላይ ትጫናለች፤ አየሩ መውጫ ሲያጣ ወደ ሳንባዋ ይገፋል። አፏ ከተከፈተ ወናፉ ተቀደደ ማለት ነው፤ ቢጫኑት የሚነፋው ነገር የለም።

ተማሪዎች እንቁራሪት ሲያዩ ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ሲርገበገብ «እዩ፣ ትተነፍሳለች» ይላሉ። አብዛኛው መርገብገብ የአፍን አየር ማደስ ብቻ ነው፤ ወደ ሳንባ አይደርስም። እውነተኛውን ትንፋሽ ለመለየት አፍንጫዋንና ጎኗን አብረው ይመልከቱ፤ አፍንጫዋ ለቅጽበት ተዘግቶ ጎኗ ነፋ ሲል ያኔ ሳንባዋ ሞላ። በእጅ ሰዓት ለአንድ ደቂቃ ሁለቱን ለየብቻ ቢያስቆጥሯቸው ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል።

ሳንባዋ ራሱ ጥቂት ግድግዳ ያለው ቀላል ከረጢት ነው። ይህ የሚበቃት ቆዳዋ ስለሚያግዛት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእርጥብ ሥጋ ውስጥ ለማለፍ ከኦክሲጅን 20 ጊዜ ያህል ይቀለዋል። ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል፤ ሲሞቃትና ስትንቀሳቀስ ኦክሲጅኑን በብዛት የምታገኘው በሳንባዋ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን አብዛኛው በቆዳዋ በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያለች እንቁራሪት ፍላጎቷ ስለሚቀንስ በቆዳዋ ብቻ ረዥም ጊዜ መቆየት ትችላለች። ከእንቁራሪት አስተኔዎች መካከል ሳንባ ጨርሶ የሌላቸው፣ በቆዳቸውና በአፋቸው ውስጠኛ ሽፋን ብቻ የሚኖሩ ብዙ የሳላማንደር ዝርያዎች በአሜሪካ ይገኛሉ። ሳንባ የሌለው አዞ ወይም ጉማሬ ግን ሊኖር አይችልም፤ ቆዳቸው አያተነፍስማ።

አዞ አየርን አይገፋም፣ ይስባል። ጎድኖቹን ያሰፋል፤ ከዚያም በላይ ለእሱ የተለየ ዘዴ አለው። ጉበቱ ከዳሌው አጥንት ጋር በጡንቻ ተያይዟል። ጡንቻው ሲኮማተር ጉበቱን እንደ ፖምፓ ዘንግ ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ከፊቱ ያለው ሳንባም ይሰፋል፣ አየርም በአፍንጫው ይገባል። ከምላሱ ጀርባ ያለ ክዳን አፉን ከጉሮሮው ስለሚለየው፣ አፉ ተከፍቶም ይሁን ውኃ ሞልቶት አፍንጫው ከውኃ በላይ እስካለ ድረስ ይተነፍሳል። ወንዝ ዳር የሚሮጠው ገበሎ ግን ጉበቱን እንደ ዘንግ የሚስብ ጡንቻ የለውም። የሚጠቀምበት ጡንቻ የጎኑ ነው፤ ሲሮጥ ሰውነቱ ወደ ግራና ቀኝ ስለሚተጣጠፍ ያው ጡንቻ ለሩጫው ይፈለጋል። ስለዚህ ገበሎ ፈጥኖ ይሮጥና ቆም ይላል፣ ቆሞ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይሮጣል። አርጃኖ ይህን ችግር ጉሮሮውን እየነፋ አየር በመግፋት ያቃልለዋል፤ በዚህ ነገር የእንቁራሪቷን ዘዴ ለእርዳታ ይጠራል ማለት ይቻላል።

ጉማሬ እንደ እኛ፣ እንደ ፍየልም፣ ድያፍራም አለው። ይህ ጡንቻ ደረትን ከሆድ የሚለይ ጉልላት ነው፤ ሲኮማተር ጠፍጥፎ ይወርድና ሳንባውን ወደ ታች ያሰፋዋል። ሳንባው በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። የአንድ ሰው ሳንባ ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የጉማሬው ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሆኖም ጉማሬ ትንፋሹን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተኝቶም ቢሆን ሳይነቃ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል። አዞ ግን ጸጥ ካለ በቀላሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ትልቅ ሳንባ ያለው ቶሎ የሚያልቅበት ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ሙቀት የሚገባው።

ጉማሬ ሰውነቱን ከ35 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሌሊትም ቀንም ያቆየዋል። እሳቱ የሚነደው በህዋሳቱ ውስጥ ነው፣ ማገዶው ምግብ ነው፣ እሳቱን የሚያቆየው ኦክሲጅን ነው። አዞ በዕረፍት ላይ የሚያነደው በክብደት ከሚመስለው አጥቢ አሥረኛ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በሒሳብ እንየው። 150 ኪሎ የሚመዝን አጥቢ እንስሳ ምንም ሳይሠራ በቀን 3,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያነዳል፤ አንድ ኪሎ ዓሣ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል ብንል ለመኖር ብቻ 3 ኪሎ ዓሣ ያስፈልገዋል። ያንኑ የሚያህል አዞ በሞቃት ቀን 300 ግራም ይበቃዋል፣ ሲቀዘቅዘው ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ትልቅ አዞ ወራት ሳይበላ የሚኖረው፣ ጉማሬ ግን በየሌሊቱ 40 ኪሎ ያህል ሣር መጋጥ ያለበት ለዚህ ነው። ትንፋሹም ያው ነው፤ እሳቱ ትንሽ የሆነ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ይቆያል።

«ደመ ቀዝቃዛ» የሚለው ቃል ተማሪዎችን ያሳስታል። እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ ላይ የተሰጣ ገበሎ ደሙ እንደ ተማሪዎቹ ደም 37 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ሙቀቱ የመጣበት ቦታ ነው። አዞው ሰውነቱን ከ30 እስከ 33 ዲግሪ ባለው አካባቢ ለማቆየት ቀኑን ሙሉ ቦታ ይቀያይራል። ሌሊቱን በውኃ ውስጥ ያሳልፋል፣ ምክንያቱም ውኃው ከአየሩ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ወጥቶ ጀርባውን ይሰጣል። ሲሞቅ ልቡ ቶሎ ቶሎ እየመታ ደሙን ወደ ቆዳው ያበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ልቡን ቀስ አድርጎ ደሙን ከቆዳው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። እኩለ ቀን ላይ አፉን ከፍቶ ከእርጥቡ የአፉ ሽፋን ውኃ በማትነን ጭንቅላቱን ያቀዘቅዛል፤ ካልበቃው ወደ ውኃ ይገባል። በነገራችን ላይ አዞ በሌሊትና በዝናብም አፉን ሲከፍት ይታያል፤ ስለዚህ «አፉን የከፈተው ስለሞቀው ብቻ ነው» ብለው ጨርሰው አይደምድሙላቸው።

መጠን እዚህ ላይ ትልቅ ሚና አለው። ከእንቁላል የወጣ አዞ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 4.5 ሜትር የሆነው 15 እጥፍ ይረዝማል። ቅርጹ ባይለወጥ የቆዳው ስፋት 15 በ15፣ ማለትም 225 እጥፍ ያድጋል፣ ክብደቱ ግን 3,375 እጥፍ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚደርሰው ቆዳ በ15 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ጫጩቱ በደቂቃዎች ሞቆ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፤ ትልቁ አዞ ግን ሌሊቱን ሙሉ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ጫጩቶችን የሚያሳድጉ እርባታዎች ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት የገንዳውን ሙቀት ከ30 እስከ 32 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ጫጩቶቹ መብላት ያቆማሉ፣ የበሉትም ሳይፈጭ ሆዳቸው ውስጥ ይቆያል፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸውም ይደክማል። የከሳ ጫጩት ሲያዩ መጀመሪያ የሚመረመረው ምግቡ ሳይሆን ቴርሞሜትሩ ነው። ጾታቸውም ቢሆን የሚወሰነው ጎጆው ውስጥ ባለው ሙቀት ነው፤ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ ወንዶች ይበዛሉ፣ 31 ዲግሪና ከዚያ በታች ሴቶች።

የአዞ ኃይል ድንገተኛ እንጂ ዘላቂ አይደለም። ሲታገል ጡንቻው ያለ ኦክሲጅን ይሠራል፣ ላክቲክ አሲድ ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ትልቅ አዞ በገመድ ተይዞ ረዥም ጊዜ ከታገለ፣ ከተለቀቀ በኋላ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አዞ የሚይዙ ባለሙያዎች ትግሉን ያሳጥራሉ፣ ዓይኑን ይሸፍናሉ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል።

እንቁራሪቷ ሙቀቷን የምትቆጣጠርበት ዋና መንገድ ያው የሚያደርቃት ቆዳ ነው። 40 ግራም የምትመዝን እንቁራሪት 1 ግራም ውኃ ከላይዋ ቢተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሰውነቷን ሙቀት በ1 ዲግሪ ለመቀነስ 140 ጁል ብቻ መውጣት አለበት። ከውጭ ሙቀት ባይገባባት ኖሮ ያቺ አንድ ግራም በ17 ዲግሪ ታቀዘቅዛት ነበር። ነገር ግን አንዷ ግራም ከክብደቷ 2.5 በመቶ ናት፤ ሙቀት ደግሞ ያለ ማቋረጥ ይገባባታል። ውኃ በማትነን እየቀዘቀዘች ለመኖር ውኃ አጠገብ መሆን አለባት።

በተከፈተ ቆዳ የሚመጣው ሌላ አደጋ ሻጋታ ነው። ካይትሪድ የሚባለው በ1998 እ.ኤ.አ. የታወቀ ሻጋታ ቆዳዋን ያጠቃል፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ዝርያዎችን ጨርሷል፣ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችም ተገኝቷል። የሚገድላት ቆዳዋ ስለተላጠ አይደለም። በቆዳዋ የሚያልፉት ሶዲየምና ፖታሲየም ስለሚዛቡ ልቧ ይቆማል። ሻጋታው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ከ29 በላይ ይሞታል፤ ስለዚህ እንደ ባሌ ያለ ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ካለው ይልቅ ሞቃቱ ጫሞ ዳር ጉዳቱ ቀለል ይላል። አዞና ጉማሬ ውስጥ ልብ በቆዳ በሽታ በዚህ መንገድ ሊቆም አይችልም።

ጉማሬ ውኃ ሲያጣ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። በድርቅ ኩሬው ደርቆ ጭቃ ላይ የቀረ ጉማሬ ከውስጥ የሚያመነጨው ሙቀት አይቀንስም፣ ላብ የለውም፣ ስሱ የላይኛ ቆዳው ይሰነጣጠቃል። አዞ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ጉድጓድ ገብቶ እሳቱን ይቀንሳል፣ ይጠብቃል። ውኃ ሙቀትን ከአየር 24 ጊዜ ያህል ስለሚያስተላልፍ፣ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ሲቆም ያለ ላብ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ወደ ማታ 12 ሰዓት ገደማ፣ ለግጦሽ የሚወጣውም ይህን ችግር ለመሸሽ ነው።

ክፍል ውስጥ ሁለት ሙከራዎች ይሥሩ። ለመጀመሪያው ሦስት እኩል የሚሆኑ ድንቾች ይምረጡ። አንዱን ከነልጣጩ ይተዉት፣ ሁለተኛውን ይላጡት፣ ሦስተኛውን ልጠው ቀልጦ የቀዘቀዘ ቅቤ ይቀቡት። በሚዛን መዝነው ጥላ ውስጥ 24 ሰዓት ያቆዩአቸውና እንደገና ይመዝኑ። የተላጠው በጣም ይቀልላል፣ የተቀባው ያነሰ፣ ልጣጭ ያለው ምንም ያህል አይቀንስም። ቅቤ የቀባነው ውጤት ካላሳየ ቅባቱ ሳይዳረስ የቀረበት ቦታ አለ፤ ጎኑን ሁሉ ይፈትሹ።

ሁለተኛው ቴርሞሜትር ነው። ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮች ወስደው የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሉ፤ ሁለቱንም በመጽሐፍ እያራገቡ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ደረቁ 30 ዲግሪ ሲያነብና አየሩ ደረቅ ብጤ ሲሆን፣ ማለትም እርጥበቱ 40 በመቶ ገደማ ከሆነ፣ እርጥቡ 20 አካባቢ ይወርዳል፤ በዝናብ ሰሞን ግን ልዩነቱ ወደ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይጠብባል። እንቁራሪቷ በእርጥቡ ቴርሞሜትር ቦታ ናት። ልዩነት ካልታየ ጥጡ ደርቋል ወይም ማራገቡ ቀርቷል።

እውነተኛ እንቁራሪት ክፍል ውስጥ ካሳዩ ሳሙና፣ ቅባትና ሽቶ የነካው እጅ አይንካት፤ ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይደር። በእርጥብ ቅጠል ላይ፣ ክዳኑ በተበሳሳ ዕቃ ውስጥ፣ ከፀሐይ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆይዋት፣ ከተያዘችበት ቦታ ያው ቀን ይመልሷት። ልጅቷ ጉሮሮዋንና ጎኗን ለየብቻ ቆጥራ ስትጨርስ የአዞውን አፍ ደግሞ ያስታውሷት፦ ያኛው ከፍቶት ለምን እንደሚተነፍስ፣ ይህችኛዋ ለምን እንደማትችል አሁን ራሷ ትናገራለች።